«በትጋት ሠርቻለሁ» ብሎ ጽፎ 3 ማግኘት

«ጤና ይስጥልኝ። በአንድ አስመጪ ድርጅት ፋይናንስ ክፍል አካውንታንት ነኝ፤ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ራስን መመዘኛ ቅጽ ሞልታችሁ እስከ ሐምሌ 15 አስረክቡ ተብለናል። አምና "የተሰጠኝን ሥራ በትጋትና በታማኝነት አከናውኛለሁ" ብዬ ጻፍኩ፤ ከ5 3 ተሰጠኝ። ዘንድሮ የ5 ባንክ ሂሳቦች ማስታረቂያ፣ ድሮ በተከታዩ ወር 25 አካባቢ ያልቅ የነበረውን፣ ከጥቅምት ወዲህ እስከ 10 እያስረከብኩ ነው። ዓመታዊው የንብረት ቆጠራ ላይም ተሳትፌያለሁ። ግን ታኅሣሥ ላይ ለአንድ አቅራቢ 86,400 ብር ሁለት ጊዜ ተከፈለ። ሰነዱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ አንዴ በኢንቮይሱ ቅጂ፣ አንዴ በዋናው። ያገኘሁትም ራሴ ነኝ፤ ብሩ በ19 ቀን ተመልሷል። ሌላው ደግሞ፣ ሰው መጨቅጨቅ ስለማልወድ የጎደለ ሰነድ ቶሎ አልጠይቅም። የአሁኗ ኃላፊዬ የመጣችው ሚያዝያ ላይ ስለሆነ የታኅሣሡን አታውቅም። ልጻፈው ወይስ ልተወው? ስለ ራሴ ጥሩ ጥሩውን መጻፍም ያሳፍረኛል። እባክዎን ይምከሩኝ። ሰ. ከአዲስ አበባ»

እህቴ፣ ከአምናዋ 3 ልጀምር። ብዙ ዓመት በሰው ሀብት ክፍል ስሠራ እንዲህ ያሉ ቅጾችን በመቶዎች አንብቤያለሁ። «በትጋትና በታማኝነት» የምትለዋ ሐረግ ከሞላ ጎደል ሁሉም ላይ አለች። በጣም የሚሠራውም ይጽፋታል፣ ቀኑን በስልክ የሚያሳልፈውም ይጽፋታል። ስለዚህ አንባቢው ከእሷ ምንም አያገኝም።

ቅጹ ከአንቺ እጅ ከወጣ በኋላ የት እንደሚሄድ ማወቅ ይጠቅምሻል። የቅርብ ኃላፊሽ ታነበውና የራሷን ነጥብ ትሰጣለች። ከዚያ በብዙ ድርጅቶች ኃላፊዎች ተሰብስበው የየክፍሉን ነጥብ ያስተያያሉ። እዚያ ስብሰባ ላይ አንቺ የለሽም። ኃላፊሽ 4 ከሰጠችሽ «ለምን 4?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው አለ። እጇ ላይ ያለው «በትጋትና በታማኝነት» ብቻ ከሆነ የምትመልሰው የላትም። 3 ከሰጠች ግን ማንም ምንም አይጠይቅም። ብዙ ጎበዝ ሠራተኛ 3 ላይ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ኃላፊው ስለጠላው አይደለም፤ የሚከራከርበት ነገር ስላልሰጠው ነው።

ስለዚህ ስትጽፊ ኃላፊሽ በሌለሽበት ስለ አንቺ ስትናገር የምታነበውን ወረቀት እያዘጋጀሽ እንደሆነ አስቢ። ይሄ ሀፍረቱንም ያቀልልሻል። ራስሽን እያወደስሽ ሳይሆን ለእሷ መረጃ እያቀበልሽ ነው። ደግሞ የመጣችው ሚያዝያ ላይ ነው ብለሻል። ከሐምሌ እስከ መጋቢት ያሉትን 9 ወራት አታውቃቸውም። ከዚያ ወረቀት ውጭ የምታውቅበት መንገድ የላትም።

አሁን ወደ አጻጻፉ። የቢሮ አማርኛችን አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ ሠሪውን ይደብቃል። «ተከናውኗል»፣ «ተዘጋጅቷል»፣ «እንዲሻሻል ተደርጓል» እንላለን። ትህትና ይመስለናል። ነገር ግን «የባንክ ማስታረቂያ በወቅቱ ተከናውኗል» ብለሽ ስትጽፊ ሥራውን የሠራችው አንቺ ትሁኚ ሌላ ሰው አይታወቅም። «በወቅቱ» የሚለውም መቼ ማለት እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ ዓረፍተ ነገር ኃላፊሽ ልታነሳው የምትችለው ነገር የለም። «ሠራሁ»፣ «አስረከብኩ»፣ «አገኘሁ» በይ። ይሄ መኩራራት አይደለም፤ የአማርኛ ግስ ሠሪውን መጨረሻው ላይ ይናገራል፣ እሱን መተው ነው ያልተለመደው።

ከዚያ አራት ነገር ያስፈልግሻል። ነገሩ በፊት ምን ነበር፣ አሁን ምን ሆነ፣ አንቺ ምን ብታደርጊ ነው የተለወጠው፣ እና የሚጠራጠር ሰው የት ሄዶ ያያል። የባንክ ማስታረቂያሽን በዚህ እንሥራው። አንዳንዱን ዝርዝር እኔ ገምቼ ነው የማስገባው፣ አንቺ በትክክለኛው ተኪው።

«የ5 ባንክ ሂሳቦችን ወርሃዊ ማስታረቂያ እሠራለሁ። በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ማስታረቂያው የሚጠናቀቀው በተከታዩ ወር 25ኛ ቀን አካባቢ ነበር። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ካሉት 8 ወራት በ7ቱ እስከ 10ኛው ቀን አጠናቅቄ አስረክቤያለሁ። የጥር ወር በ16ኛው ቀን ነው የተጠናቀቀው፤ የአንዱ ባንክ ስቴትመንት ዘግይቶ ስለደረሰኝ ነው። ለውጡ የመጣው ወሩ እስኪያልቅ መጠበቄን ትቼ በየሳምንቱ ዓርብ የሳምንቱን እንቅስቃሴ ከኢንተርኔት ባንኪንግ እያወረድኩ ከመዝገባችን ጋር በማመሳከሬ ነው። የተረከበው ኃላፊ ፊርማና ቀን በየወሩ ማስታረቂያ ላይ አለ፤ በባንክ ማስታረቂያ ፋይል ውስጥ ይገኛል።»

የጥርን ወር ለምን እንዳስገባሁት ልንገርሽ። «በሁሉም ወር» ብትይና አንዷ ወር ዘግይታ ብትገኝ፣ የቀረው ሁሉ ይጠረጠራል። «ከ8 በ7ቱ» ስትይ ግን አንባቢው ቁጥሩን ቆጥረሽ እንደጻፍሽው ያውቃል። የሰኔን ወር ደግሞ ገና አትቁጠሪው። ሐምሌ ገና መግባቱ ስለሆነ የሰኔ ማስታረቂያ ጠረጴዛሽ ላይ ነው ያለው።

አሁንም ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። በ15 ቀን መቅደሙ ለድርጅቱ ምን ጠቀመው? ፋይናንስ ውስጥ ላለ ሰው መልሱ ግልጽ ነው፤ ስብሰባው ላይ ለሚቀመጡት የሽያጭና የመጋዘን ኃላፊዎች ግን አይደለም። እንግዲህ የመስከረምን እና የግንቦትን ማስታረቂያ ጎን ለጎን አስቀምጪና ባለቤታቸው ያልታወቁ ገቢዎችን ቁጠሪ። ደንበኛ ባንክ ያስገባል፣ ስሊፑን አይልክም፣ ሽያጭ ክፍል «አልከፈለም» ብሎ ዕቃ ይከለክለዋል፣ ደንበኛው ይቆጣል። አስመጪ ቤት የሠራ ሰው ይሄን ራስ ምታት ያውቀዋል። በመስከረም መጨረሻ 31 ያልታወቀ ገቢ ኖሮ በግንቦት መጨረሻ 6 ከሆነ፣ ያ ቁጥር ከ25ኛ ቀን ወደ 10ኛ ቀን ከሚለው ይበልጣል። ምክንያቱም የሽያጭ ኃላፊው ራሱ «አዎ፣ ዘንድሮ ያ ጭቅጭቅ ቀንሷል» ሊል ይችላል። ቆጥረሽ ልዩነት ካላገኘሽ ግን ተዪው፤ ከሌለ ማስረጃ አትፍጠሪ።

ቆጠራውን በተመለከተ፣ «ተሳትፌያለሁ» የምትለዋን ቃል አውጫት። ውሃ ያቀበለም ተሳትፏል። አንቺ ያደረግሽው ምንድን ነው? ለምሳሌ «ከአራት ሰው ቡድን ውስጥ የመጋዘኑን ቆጠራ የሠራሁት እኔና አንድ ባልደረባዬ ነን፤ ቆጠራውን ከስቶክ ካርድ ጋር ያመሳከርኩትና ልዩነት የታየባቸውን ዕቃዎች ዝርዝር ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ» ከሆነ እንደዚያው ጻፊ። የቡድን ሥራ ላይ ድርሻን ለይቶ መናገር ባልደረባን መንጠቅ አይደለም። ባልደረባሽ የራሱን ቅጽ ሲሞላ ከአንቺ ጋር ካልተጋጨ ሁለታችሁም ትታመናላችሁ። ከተቻለ ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ላይ ቡና ጠጡና ማን ምን እንደጻፈ ተነጋገሩ።

ማስረጃውን ለማሰባሰብ ሁለት ምሽት ይበቃሻል። ሰው ቅጽ ሲሞላ የሚያስታውሰው ግንቦትና ሰኔን ነው፤ ኅዳር ላይ የሠራው ትልቅ ሥራ ይረሳዋል። ስለዚህ ከማስታወስ አትጀምሪ። የላክሻቸውን ኢሜይሎች ከሐምሌ ጀምረሽ በየወሩ እለፊባቸው። የክፍያ ቫውቸር ፋይሉን አገላብጪ። የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የራስሽን ስም ፈልጊ፤ «አመሰግናለሁ፣ አድነሽኛል» ያለሽ የሥራ ባልደረባ ካለ ምን እንዳደረግሽለት ትዝ ይልሻል። በየወሩ አንድ ወይም ሁለት መስመር ከያዝሽ ከ12 ያላነሰ ነገር ይሰበሰባል። ከእሱ ሦስቱን ትመርጫለሽ። መምረጫው ደግሞ በዓመቱ መጀመሪያ የተፈራረምሽው የሥራ ዕቅድ ነው። ዕቅዱ ላይ ያለና ውጤቱ የሚታይ ይቀድማል። አንድ ማሳሰቢያ፦ የባንክ ስቴትመንት ወይም የአቅራቢ ሂሳብ ፎቶ አንስተሽ ቅጹ ላይ አታያይዢ፣ ወደ ራስሽ ቴሌግራምም አትላኪ። ፋይሉ የት እንዳለ መጠቆም ይበቃል።

አሁን ወደ ታኅሣሡ እንምጣ። እንቅልፍ የነሳሽ እሱ እንደሆነ ከደብዳቤሽ ይታያል።

ጻፊው። ኃላፊሽ አታውቀውም ብለሻል፤ ለጊዜው ነው። ሁለቱ ቫውቸሮችና የተመለሰው ብር መዝገብ ላይ አሉ። የውጭ ኦዲተር ሲመጣ የአቅራቢውን ሌጀር ከፍቶ ያያቸዋል። ያን ቀን ኃላፊሽ ከኦዲተር አፍ ከምትሰማው ዛሬ ከአንቺ ብትሰማው ይሻላል። እንዲያውም ቅጹ ላይ ከማንበቧ በፊት በቃል ንገሪያት። ጠዋት ሥራ ሳይበዛ ግቢና «ከመምጣትሽ በፊት የሆነ ነገር አለ፣ ቅጹ ላይ ስለጻፍኩት አስቀድመሽ ብታውቂው ብዬ ነው» በያት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ወረቀት ላይ በድንገት ያገኘችው ስህተትና ፊት ለፊት የተነገራት ስህተት አንድ አይደሉም።

እንዴት ይጻፍ ለሚለው፣ ሰዎች ሦስት ቦታ ሲሳሳቱ አያለሁ። አንዳንዱ ያሳንሰዋል፦ «አልፎ አልፎ ጥቃቅን ግድፈቶች ተፈጥረዋል፤ ወደፊት ይስተካከላሉ።» 86,400 ብር ጥቃቅን አይደለም፤ አንባቢው የተደበቀ ነገር አለ ብሎ ያስባል። ሌላው ራሱን ይኮንናል፦ «ይቅር የማይባል ስህተት ሠርቼ ድርጅቱን ለኪሳራ ዳርጌያለሁ።» ይሄ ትህትና ሳይሆን ሐሰት ነው። ብሩ ተመልሷል፤ ኪሳራ የለም። ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር ፊርማሽ ሥር ለዓመታት በግል ማህደርሽ ትቀመጣለች። ሦስተኛው ወደ ሌላ ይጠቁማል፦ «በሥራ መደራረብ የተነሳ ነው፤ ያረጋገጠውም ያጸደቀውም አላዩትም።» ቫውቸሩ ላይ ከአንቺ ፊርማ በላይ ሌሎች ፊርማዎች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። አንቺ ስታነሺው ግን የራስሽን ድርሻ ለማቅለል የመጣሽ ትመስያለሽ።

እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር።

«በታኅሣሥ ወር ለአንድ አቅራቢ የ86,400 ብር ኢንቮይስ ሁለት ጊዜ እንዲከፈል ሰነድ አዘጋጅቻለሁ። የመጀመሪያው ክፍያ በኢንቮይሱ ቅጂ፣ ሁለተኛው በዋናው የተዘጋጀ ነው። ሁለተኛውን ሳዘጋጅ የአቅራቢውን ሌጀር አላየሁም። ስህተቱን በወሩ የባንክ ማስታረቂያ ላይ አግኝቼ በዚያው ቀን ለወቅቱ ኃላፊ አሳውቄያለሁ፤ ገንዘቡ በ19 ቀን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል። ከጥር ጀምሮ ማንኛውንም የክፍያ ቫውቸር ከማዘጋጀቴ በፊት የኢንቮይሱን ቁጥርና መጠን በአቅራቢው ሌጀር ላይ እፈልጋለሁ። በቅጂ የተከፈለ ካለ ቅጂው ላይ "ተከፍሏል" የሚል ማህተም አደርጋለሁ፤ ዋናው ሲመጣም ከተከፈለው ቫውቸር ጋር አያይዘዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በወርሃዊ ማስታረቂያዎቹ ላይ ድርብ ክፍያ አላገኘሁም።»

«በዚያው ቀን» ያልኩት ገምቼ ነው። አንቺ በማግስቱ ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ተናግረሽ ከሆነ እሱን ጻፊ። ማህተሙንም ማድረግ ካልጀመርሽ እንደጀመርሽ አድርገሽ አትጻፊ፤ «ከሐምሌ ጀምሮ አደርጋለሁ» በይ። እንዲህ ያለ አንቀጽ የሚጠቅመው እያንዳንዱ ቃል ቢጣራ የሚቆም ከሆነ ብቻ ነው። በአንድ ወቅት አብሬው የሠራሁት ልጅ «አሁን በየቀኑ አመሳክራለሁ» ብሎ ጽፎ ኃላፊው የዚያን ሳምንት መዝገብ እንዲያሳየው ጠየቀው፤ ሁለት ቀን ብቻ ነበር የተሠራው። ከዋናው ስህተት ይልቅ እሷ ናት ለዓመት ያህል የተነሳችበት።

አንቀጹ ውስጥ «ይቅርታ» እንደሌለም ልብ በይ። ይቅርታውን በቃል ስትነግሪያት በይው፣ ቦታው እዚያ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን የሆነው፣ የአንቺ ድርሻ፣ የተደረገው እና አሁን ያለበት ሁኔታ ይበቃል። ከፈለግሽ አንድ መስመር ጨምሪ፦ «ይህ ቁጥጥር አሁን በእኔ ጥንቃቄ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በቅጂ ኢንቮይስ የሚከፈልበት ሁኔታ በክፍሉ መመሪያ ቢወሰን ሌላ ሰው ሲተካኝም ይሠራል።» ይሄ ማንንም አይወቅስም፤ ግን ቀዳዳው ከአንድ ሰው ስህተት በላይ እንደሆነ ለሚገባው ይገባዋል።

«በጽሑፍ ካመንኩ በኋላ ማስረጃ ይሆንብኛል» የሚል ስጋት ሊያድርብሽ ይችላል፤ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ ስጋቱም መሠረት አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የኅብረት ስምምነት ሌላ ካላለ በቀር፣ የሠራተኛ የሥራ ችሎታ መቀነስ የሚረጋገጠው በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ነው ይላል። ስለዚህ ይሄ ወረቀት ተራ ፎርማሊቲ አይደለም። ነገር ግን የሚጎዳሽ የሆነውን በልኩ መጻፍ አይደለም። የሚጎዳሽ «ለሥራው ብቁ አይደለሁም»፣ «ትኩረት ይጎድለኛል» እያሉ ራስን በጅምላ መፈረጅ ነው። አንድ ክስተት፣ ከቀኑ፣ ከመጠኑና ከእርማቱ ጋር ሲጻፍ የችሎታ ማነስን አያሳይም። አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ አለ። በጉዳዩ ላይ የዲሲፕሊን ምርመራ ተከፍቶ ከሆነ ቅጹ ላይ ዝርዝር አታስፍሪ። መጀመሪያ የሠራተኛ ማኅበራችሁን ወይም ጠበቃ አማክሪ። ከደብዳቤሽ እንደማየው አንቺ ጋ እንደዚያ ያለ ነገር የለም።

የጎደለ ሰነድ አለመጠየቅሽ ደግሞ ከታኅሣሡ የተለየ ዓይነት ነው። ያኛው አንድ ቀን የሆነ ነው፤ ይሄ ልማድ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሲጽፍ ወደ ጠባይ ይወስደዋል፦ «ዓይናፋር ነኝ»፣ «ሰው ማስቸገር አልወድም»። ጠባይሽን ማንም ሊለካው አይችልም፤ በዓመቱ መጨረሻም ተሻሽላለች አልተሻሻለችም ብሎ መናገር አይቻልም። የምታደርጊውን ወይም የማታደርጊውን ጻፊ፤ ምን እንዳስከተለም ጨምሪ። ለምሳሌ የውሎ አበል ማወራረጃ ደረሰኝ ጎድሎት መጥቶ ጠረጴዛሽ ላይ አድሮ ከሆነ እንዲህ፦

«ሰነድ ጎድሎ ሲደርሰኝ የጎደለውን ወዲያው ከመጠየቅ ይልቅ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። በዚህ ምክንያት በመጋቢት ወር አራት የአበል ማወራረጃዎች ወደ ሚያዝያ ተሻግረዋል። ከሐምሌ ጀምሮ ሰነዱ በደረሰኝ ቀን የጎደለውን በኢሜይል እጠይቃለሁ፤ በ3 የሥራ ቀናት ካልመጣ ለኃላፊዬ አሳውቃለሁ። በታኅሣሥ መጨረሻ ከአንድ ወር በላይ የቆየ ያልተወራረደ አበል ስንት እንዳለ በዝርዝር አቀርባለሁ።»

ኢሜይል ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሰው ፊት ቆሞ መጨቅጨቅ የሚከብድሽ ከሆነ በጽሑፍ መጠየቅ ይቀልሻል፤ ቀኑም ይመዘገብልሻል። የሽያጭ ሠራተኛው «አልጠየቅሽኝም» ቢል ኢሜይሉ አለ። ኃላፊሽም «ሰው አትድፈሪ፣ ቆፍጠን በይ» ብላ ከምትመክርሽ ይልቅ ታኅሣሥ ላይ የምታየው ዝርዝር አላት።

ድክመት ከሁለት በላይ አትጻፊ። አንድ ክስተትና አንድ ልማድ ይበቃል። «ድክመቴ ከመጠን በላይ መሥራቴ ነው» የምትለውን ግን በፍጹም እንዳታስቢያት፤ ያነበባት ሁሉ ያውቃታል።

ነጥቡ ቀረ። ቅጹ በየሥራው ለየብቻ ነጥብ የሚጠይቅ ከሆነ ሁሉም ላይ 4 አትደርድሪ። ማስታረቂያው ላይ 5 ስጪ፤ ማስረጃው አለሽ። ክፍያ ዝግጅት ላይ 3 ስጪ። ሪፖርትና ሌላው ላይ 4። ክብደታቸው ለምሳሌ 40፣ 30 እና 30 በመቶ ቢሆን ድምሩ 4.1 ይመጣል። ክፍያ ላይ ራስሽ 3 እንደሰጠሽ ያየች ኃላፊ ማስታረቂያው ላይ ያለውን 5 ለመቀበል አትቸገርም። ሁሉም ላይ 5 ብትሰጪ ግን የታኅሣሡን አንስታ ሁሉንም ዝቅ ታደርገዋለች። ከዚያ በፊት ግን ቅጹ ጀርባ ላይ ወይም መመሪያው ውስጥ 5 ማለት ምን እንደሆነ አንብቢ። «ከዕቅድ በላይ» የሚል ከሆነ ዕቅድሽ ላይ የማስታረቂያው ቀን ስንት እንደተባለ እይ። ዕቅዱ ራሱ «እስከ 10» የሚል ከሆነ 5 ሳይሆን 4 ነው የሚገባሽ።

ሁሉም ነገር ከአንድ ገጽ ተኩል አይብለጥ። ስትጨርሺ ፋይናንስ የማያውቅ ዘመድሽ ያንብበው፤ የት ቦታ ላይ «ይሄ ምን ማለት ነው?» እንዳለ ምልክት አድርጊና ያን ቦታ ብቻ አስተካክይ። ኮፒውን ለራስሽ አስቀሪ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ማስረከቢያው ሐምሌ 15 ነው፣ የሰኔ ማስታረቂያ ደግሞ ሐምሌ 10 ይደርሳል። ቅጹን ዛሬ ጻፊው፣ ግን እስከ 11 አትስጪው። የሰኔውን በ10 ካስረከብሽ፣ ፊርማው ያለበትን ቀን አይተሽ «ከ8 ወራት በ7ቱ» የሚለውን ሰርዢና «ከ9 ወራት በ8ቱ» ብለሽ ተኪው።